ስም የሌላቸው ደረሰኞች

አዲሱ ሲስተም ሥራ በጀመረ በማግስቱ የሂሳብ ክፍሉ አቤቱታ ይጀምራል። ደረሰኙ አለ፤ ቀኑ፣ የዕቃው ዝርዝርና የብሩ መጠን ልክ ነው። የደንበኛው ስም መታየት ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ሠራተኞቹ ገጹን ደጋግመው ይከፍታሉ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያበራሉ፣ ለውጥ የለም። አንዳንዱ ደረሰኝ ስም አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ችግሩ ከስክሪኑ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ላይ ይታይ ነበር።

የሰፈር ባለሱቅ በዱቤ ደብተሩ ላይ በየመስመሩ የተበዳሪውን ስም ይጽፋል። ዳታቤዝ ግን ስምን እንዲህ አይደጋግምም። የደንበኛው ስም፣ ስልክና አድራሻ በደንበኞች ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ለመዝገቡም ቁጥር ይሰጠዋል። ደረሰኙ የሚይዘው ይህንን ቁጥር ብቻ ነው። ስክሪኑ ደረሰኙን ሲከፍት በቁጥሩ ደንበኛውን ይፈልግና ስሙን ያመጣል። ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው የሚያመለክተው ይህ ቁጥር ፎሪን ኪይ ይባላል። ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ እንዳለ ሆኖ የደንበኛው መዝገብ ከጠፋ ስክሪኑ የሚያመጣው ስም አያገኝም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ደረሰኝ ወላጅ አልባ ይሉታል።

መዝገቡ እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት አንድ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ እናስብ። በአሮጌው ሲስተም 2,100 ደንበኞች አሉት። አንዲት ነጋዴ መርካቶ ባለው ቅርንጫፍ በቁጥር 418 ተመዝግባለች። ከዓመታት በኋላ አዳማ ስትገዛ ገንዘብ ተቀባዩ ስሟን ሲፈልግ አላገኘውም፤ የፊደል አጻጻፉ ይለያያልና። በዚያው ስልክ ቁጥር እንደ አዲስ ደንበኛ በ1764 መዘገባት። አሮጌው ሲስተም አልከለከለውም። አዲሱ ግን አንድ ስልክ ለሁለት ደንበኛ እንዳይመዘገብ የሚያግድ ደንብ ተጨምሮለታል። ደንቡ የተጨመረው በቅን ልቦና ነው።

መረጃውን የሚያዛውረው ባለሙያ ሥራው በአንድ ተደጋጋሚ ስልክ ምክንያት መሃል ላይ እንዳይቆም ሲል በማይኤስኪውኤል `INSERT IGNORE` የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀማል። ትርጉሙ ደንብ የሚጥስ ረድፍ ካጋጠመህ ዝለለውና ቀጥል ነው። ሲጨርስ እንዲህ የሚል መልስ ይመጣል፦

```
Query OK, 2087 rows affected, 13 warnings
Records: 2100  Duplicates: 13  Warnings: 13
```

13 ደንበኞች ቀርተዋል፤ 1764 ከእነሱ አንዷ ናት። በዚያች ቅጽበት `SHOW WARNINGS` ቢባል የትኞቹ ስልኮች እንደተደጋገሙ ይነገር ነበር። ሥራው ግን በሌሊት፣ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ቀጣዩ ትእዛዝ ሲመጣ ያ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። ከዚያ ደረሰኞቹ ይገባሉ። አንድም ሳይጎድል ሁሉም ይገባሉ፤ በ1764 ስም የተቆረጡትም ጭምር። አሮጌውንና አዲሱን የደረሰኝ ብዛት ያመሳከረ ሰው ልክ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሳል። ዳታቤዝ ደንበኛው የሌለ ደረሰኝ አልቀበልም ማለት አልነበረበትም? ነበረበት፤ የፎሪን ኪይ ደንብ የተሠራው ለዚሁ ነው። ነገር ግን በዝውውር ጊዜ ቁጥጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ደረሰኞች ከደንበኞች ቀድመው ከተጫኑ እያንዳንዱ ደረሰኝ ውድቅ ይሆናልና፣ የማይኤስኪውኤል የባክአፕ ፋይል ራሱ መጀመሪያው ላይ `FOREIGN_KEY_CHECKS=0` የሚል መስመር ይዞ ነው የሚወጣው። ሲያልቅ ቁጥጥሩ ተመልሶ ይከፈታል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ቁጥጥሩ ሲከፈት ወደኋላ ተመልሶ የገባውን አይፈትሽም። የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሥራ ላይ ነው ተብሎ ተጽፎ እያለ፣ ውስጡ ደንቡን የጣሱ ረድፎች ተቀምጠዋል።

ባዶ ስም የሚያሳይ ስክሪን እንዲያውም የተሻለው ዕድል ነው። ያ ስክሪን የተሠራው ደንበኛው ባይገኝም ደረሰኙን አሳይ በሚል መንገድ ነው። ሁለቱም ወገን ካልተገኘ ረድፉን ተወው በሚል የተሠራ ሪፖርት ደግሞ አለ። እዚያ ላይ ባዶ ቦታ አይታይም፤ ደረሰኙ ራሱ ይቀራል። የወሩ ሽያጭ በአንዱ ሪፖርት ከሌላው ያንሳል፣ ነጋዴዋ በአዳማ የወሰደችው ዱቤ ከተሰብሳቢ ሂሳብ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ የሚጠይቃትም የለም። ሁለት ሪፖርቶች አንድን ወር በተለያየ ድምር ሲያሳዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ፍለጋው አጭር ነው። ደንበኛቸው ያልተገኘ ደረሰኞችን የሚዘረዝረው ጥያቄ ይህ ነው፦

```
SELECT i.id, i.customer_id, i.total
FROM invoices i
LEFT JOIN customers c ON c.id = i.customer_id
WHERE i.customer_id IS NOT NULL
  AND c.id IS NULL;
```

መሃሉ ላይ ያለው `IS NOT NULL` የሚለው መስመር አስፈላጊ ነው። በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ የሄደ፣ ከመጀመሪያውም ያልተመዘገበ ሰው ደረሰኝ ስም የለውም፤ እሱ ጤነኛ ነው። የሚፈለገው ቁጥር ይዞ ባለቤት ያጣው ነው።

ዝርዝሩ ሲወጣ ሦስት የችኮላ መፍትሔዎች ይቀርባሉ፤ ሦስቱንም እቃወማለሁ። ደረሰኞቹን ማጥፋት የሽያጭ ታሪክን ማጥፋት ነው። ሁሉንም ያልታወቀ ደንበኛ በሚል አንድ መዝገብ ሥር መሰብሰብ ስክሪኑን ያስተካክልና 1764 የሚለውን ብቸኛ ፍንጭ ይሰርዛል። ነጋዴዋን በአዲስ ቁጥር እንደገና መመዝገብም የድሮ ደረሰኞቿን አያመጣም፤ እነሱ አሁንም የሚፈልጉት 1764ን ነው።

ትክክለኛው መንገድ ወደ አሮጌው ዳታቤዝ ተመልሶ 1764 ማን እንደነበረች ማየት ነው። ስለዚህ አሮጌው ለጽሑፍ ተዘግቶ ለንባብ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቢያንስ የዓመቱ ሂሳብ እስኪዘጋ። ከዚያ ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፦ የቀረው ቁጥርና የሚተካው ቁጥር። 1764 በ418 ይተካል፤ አሥራ ሦስቱም እንዲሁ። ደረሰኞቹ የሚታረሙት በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት ነው፤ ሠንጠረዡም ለኦዲተር ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል። እርማቱ ማለቁን ለማረጋገጥ የፎሪን ኪይ ደንቡን አፍርሶ፣ ቁጥጥሩ ክፍት እያለ እንደገና መጨመር ይበቃል። በዚህ ጊዜ ማይኤስኪውኤል ያለውን ረድፍ ሁሉ ይፈትሻል፤ አንድ ወላጅ አልባ ከቀረ በስሕተት ቁጥር 1452 እምቢ ይላል።

ማሽኑ የማይፈታው ግን አንድ ነገር አለ። ከአሥራ ሦስቱ ሁሉም አንድን ሰው ሁለቴ የመዘገቡ ላይሆኑ ይችላሉ። አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ይነግዳሉ፤ ወንድማማቾች የሱቃቸውን ስልክ ይሰጣሉ። ስልካቸው አንድ ነው ተብሎ ቢዋሃዱ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ይጻፋል፤ ይህ ከባዶ ስም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ስክሪኑ ላይ ምንም አይጎድልም። በእነዚህ ላይ የቅርንጫፉን ገንዘብ ተቀባይ መጠየቅ፣ የታክስ ከፋይ ቁጥራቸውን ማመሳከር ያስፈልጋል። የተለያዩ ሰዎች ሆነው ከተገኙ የቀረው መዝገብ ከነቁጥሩ ከአሮጌው ይመለሳል፤ ያ እንዲሆን ደግሞ አንድ ስልክ ለአንድ ደንበኛ የሚለው ደንብ ራሱ መነሳት አለበት።