የደንብ ልብሱ ጨርቅ ለምን ድብልቅ እንዲሆን ተመረጠ?



የተማሪዎች ሱሪና ጉርድ ከንጹሕ ጥጥ ሳይሆን ከድብልቅ ጨርቅ እንዲሰፋ ለምን እንደ ጠየቅን ማብራራት ይገባናል። የመረጥነው ጨርቅ 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ ያለበትን ወፈር ያለ ካኪ ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጨንቻ ቁልቁል ሲወረድ በመንገዳችን ላይ የሚገኘው ዶርዜ በሽመናው የታወቀ አገር ነው፤ ጥጡም በዓባያ ዙሪያ ባለው ቆላ ይበቅላል። ታዲያ በእጃችን ያለውን ትተን የፋብሪካ ጨርቅ መሻት ለምን አስፈለገ? የእጅ ሽመና ጨርቅ ድሩና ማጉ ላላ ብሎ ስለሚሠራ ለጋቢና ለነጠላ ድንቅ ነው፤ ሙቀት ይይዛል፣ ለገላም ይለሰልሳል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከአግዳሚ ወንበር ጋር ለሚፋተግ ሱሪ አልተሠራም፤ መቀመጫውና ጉልበቱ ፈጥኖ ይሳሳል። ስለዚህ ልጆች ጋቢያቸውን ከላይ ደርበው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ሱሪው ግን ሌላ ነው።

ዋናው ምክንያታችን መድረቁ ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በበልግም በክረምትም ጭጋግና ዝናብ ይፈራረቁባታል። አንድ የደንብ ልብስ ብቻ ያለው ልጅ የሚያጥበው ቅዳሜ ነው፤ እስከ ሰኞ ጧት ካልደረቀ ወይ እርጥቡን ለብሶ ይመጣል፣ ወይ ከትምህርት ይቀራል። ጥጥ ውኃን ወደ ውስጥ ይመጥጣል፤ ፖሊስተር ግን እምብዛም አይጠጣም፤ ውኃው በክሮቹ መካከል ብቻ ስለሚቀር ከተጨመቀ በኋላ ቶሎ ይለቀዋል። በደመናማ ቀን ልዩነቱ ልጁ ሰኞ መምጣቱንና አለመምጣቱን ሊወስን ይችላል።

ሁለተኛው መኮማተር ነው። ቀድሞ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት 7 በመቶ ያህል ሊያጥር ይችላል። ርዝመቱ 70 ሳንቲሜትር የሆነ የሱሪ እግር ወደ 5 ሳንቲሜትር አጠረ ማለት ነው፤ ለሚያድግ ልጅ ይህ ብዙ ነው። ድብልቁ አንድ በመቶ ቢኮማተር ከአንድ ሳንቲሜትር በታች ነው። ሆኖም ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት አንድ ሌሊት በውኃ ተነክሮ ቢደርቅ ይመረጣል። ለልብስ ሰፊው ሁለት ነገር ንገሩት፤ ክሩ የፖሊስተር ይሁን፣ ከታች 8 ሳንቲሜትር እጥፋት ይተው። እጥፋቱ በየጊዜው ሲለቀቅ አንዱ ሱሪ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

ጨርቅ ስትገዙ ሻጩ «ድብልቅ ነው» ቢልም በዓይን ብቻ አትመኑ። ከጠርዙ ጥቂት ክር ለቅማችሁ ከልብስ ርቆ በክብሪት አቃጥሉት። ንጹሕ ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ድብልቁ ሁለቱንም ያሳያል፤ ይነዳል፣ ጫፉ ግን ሲነካ ይጠጥራል። አመድ ሳይተው እንክብል ብቻ ከሆነ ጥጥ የለበትምና አትግዙት፤ ላብ አይመጥም፣ ሽታ ይይዛል። ቀጥሎ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በላዩ አጥብቃችሁ ፈትጉ፤ ቀለሙ ከተጋባ በመጀመሪያው እጥበት የልጁን ሸሚዝ ያበላሻል። በመጨረሻም ወደ ብርሃን አንሡት፤ በክሮቹ መካከል ብርሃን በብዛት ካለፈ ጨርቁ ሳስቷል።

ይህ ጨርቅ አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ ልንሸሽገው አይገባም። ፖሊስተር በእሳት ሲነካ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ከገላ ጋር ይጣበቃል። በብዙዎቻችን ቤት ልጆች በምድጃ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ እርጥብ ልብስም ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። እባካችሁ ልጁ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ የደንብ ልብሱን ያውልቅ፤ ልብሱም ከእሳት ርቆ ነፋስ በሚያገኝበት ጣራ ሥር ይሰቀል። በዚሁ ምክንያት የሴት ልጆች ሒጃብ ከንጹሕ ጥጥ እንዲሆን አድርገናል። ጥጥም ይነዳል፤ ነገር ግን ቀልጦ በፊትና በአንገት ላይ አይጣበቅም፤ ስስ ስለሆነም ለመድረቅ አያስቸግርም።

አጥቦ ለመያዝ ለብ ያለ ውኃና የልብስ ሳሙና ይበቃል። በረኪና አትጨምሩ፤ ቀለሙን ያነጣዋል፣ በውስጡ ያለውንም ጥጥ ያደክማል። ቀይ ጭቃ የነካው ልብስ መጀመሪያ ይድረቅና ይራገፍ፤ እርጥቡን ማሸት ጭቃውን ወደ ክሩ ያስገባዋል። ልብሱ ተገልብጦ ቢታጠብ በላዩ የሚወጡት ትንንሽ እንክብሎች ይቀንሳሉ።