ጥማት፣ ረሃብና ክሳት፦ ሦስቱ ምልክቶች ስለ ደም ስኳር የሚናገሩት

አብዝቶ የሚበላ ሰው ይወፍራል፤ የሚከሳ ሰው ደግሞ ምግብ ያነሰው ነው ተብሎ ይታሰባል። አብዝቶ እየበላ የሚከሳ፣ አብዝቶ እየጠጣም ጥማቱ የማይቆርጥለት ሰው ግን ከዚህ ልማዳዊ ስሌት ውጭ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው ያዩ ዘመዶች በቅድሚያ የኮሶ ትል ሊጠረጥሩ ይችላሉ። ጥርጣሬው «ምግቡን ሌላ ፍጡር እየተሻማው ነው» ከሚል ግምት የሚነሣ በመሆኑ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ትሉ ረሃቡንና ክሳቱን ያስረዳ ቢመስል እንኳ ጥማቱንና የሽንቱን ብዛት ሊያስረዳ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱ ምልክቶች በአንድነት ሲታዩ ለምን ወደ ከፍተኛ የደም ስኳር እንደሚያመለክቱ፣ ይህ አመላካችነትም እስከ ምን ድረስ እንደሚታመን ማብራራት ነው።

ስኳር ከኩላሊት የሚያመልጠው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1776 ማቲው ዶብሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአንድ ታማሚን ሽንት በሙቀት አትንኖ የቀረውን ነጭ ቅሪት መረመረ፤ ቅሪቱም እንደ ስኳር የሚጣፍጥ ሆኖ አገኘው። የታማሚው የደም ውኃም ጣፋጭነት እንዳለው በማስተዋሉ፣ ስኳሩ ኩላሊት ውስጥ የተፈጠረ ሳይሆን ከደም የመጣ መሆኑን ለመረዳት መንገድ ከፈተ። ዛሬ የምናውቀው የኩላሊት አሠራር ይህን ምልከታ በቁጥር ለማስረዳት ያስችላል።

የጤነኛ ጎልማሳ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። የደሙ ስኳር በዴሲ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ ከተጣራው ፈሳሽ ጋር 180 ግራም ያህል ግሉኮስ በየቀኑ ወደ ኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቱቦዎቹ ግድግዳ ግሉኮሱን ከሞላ ጎደል በሙሉ መልሶ ወደ ደም ስለሚያስገባው በሽንት ውስጥ የሚገኘው መጠን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይህ መልሶ የማስገባት ሥራ የሚከናወነው በተወሰኑ አጓጓዥ ፕሮቲኖች በመሆኑ አቅሙ ገደብ አለው። በአብዛኛው ሰው የደም ስኳር በዴሲ ሊትር 180 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲያልፍ ከፊሎቹ ቱቦዎች የደረሳቸውን ሁሉ መመለስ ያቅታቸዋል፤ ትርፉም በሽንት ይወጣል። ይህ መጠን የኩላሊት የስኳር ወሰን ይባላል። ከዚህ በታች የሚብራሩት ምልክቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ይህ ወሰን ሲጣስ ነው።

ጥማቱ ውጤት እንጂ መነሻ አይደለም

በቱቦው ውስጥ የቀረው ግሉኮስ ብቻውን አይወጣም። በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት ውኃን ከራሱ ጋር ያስቀራል፤ ወደ ደም ሊመለስ ይገባው የነበረው ውኃም ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ወደ ፊኛ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ የሽንቱ መጠን ይጨምራል፤ ሰውየው ሌሊት ደጋግሞ ይነሣል። ውኃ ሲጎድልና በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ደሙ ይወፍራል፤ በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ይህን ለውጥ ተረድቶ ጥማትን ይቀሰቅሳል።

ቅደም ተከተሉን ማስተዋል ተግባራዊ ፋይዳ አለው። ሰውየው ብዙ የሚሸናው ብዙ ስለሚጠጣ ሳይሆን፣ ብዙ የሚጠጣው ብዙ ስለሚሸና ነው። ሽንቱን ለመቀነስ ብሎ ውኃ ቢከለከል የስኳሩ መፍሰስ አይቆምም፤ የሰውነቱ ድርቀት ብቻ ይባባሳል። ጥማቱን በለስላሳ መጠጥ ወይም በስኳር በጣፈጠ ሻይ ለማርካት ቢሞክር ደግሞ የደም ስኳሩን ይበልጥ ከፍ ስለሚያደርገው የሚጠጣው ራሱ ለቀጣዩ ጥማት ምክንያት ይሆናል።

በስኳር ብዛት መካከል የሚፈጠር ረሃብ

ረሃቡን ለመረዳት የኢንሱሊንን ሥራ ማስታወስ ያሻል። ከቆሽት የሚመነጨው ይህ ሆርሞን ግሉኮስ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበት አዲስ ስኳር ወደ ደም እንዳይለቅ ይገታል፤ የተከማቸ ስብና የጡንቻ ፕሮቲን እንዳይፈርስም ይከላከላል። ኢንሱሊን በእጅጉ ሲያንስ ሦስቱም ሥራዎች ይስተጓጎላሉ። ጡንቻው በስኳር በተሞላ ደም ተከብቦ ሳለ እንደ ጾመኛ ይሆናል፤ ጉበት ደግሞ ሰውነቱ የተራበ ይመስል ከፕሮቲን ፍርስራሽ ተጨማሪ ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም ይገባዋል። ረሃቡ የሚመጣው የአንጎል ሕዋሳት ስኳር ስላጡ ነው ሲባል ይሰማል። አንጎል ግን ግሉኮስን ለመውሰድ በዋነኛነት ኢንሱሊንን አይጠብቅም። ይልቁንም ሃይፖታላመስ ስለ ሰውነት ስንቅ የሚያውቀው በሆርሞኖች መልእክት አማካይነት ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ኢንሱሊንና ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን ይገኙበታል። ኢንሱሊኑ ሲያንስና የስብ ክምችቱ ሲመናመን የሁለቱም መልእክት ይደክማል፤ አንጎልም «ስንቅ አልቋል፣ ይበላ» የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ረሃቡ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም የሚበላው ምግብ ጉድለቱን ሊሞላ አይችልም።

አንድ ምሳሌ በስሌት

ጉዳዩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ እናዘጋጅ። የ19 ዓመት ዕድሜ ያለው ተማሪ በስድስት ሳምንት ውስጥ ክብደቱ ከ62 ኪሎ ግራም ወደ 54 ወረደ እንበል። ከበፊቱ የበለጠ ይበላል፤ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሣል፤ የውኃ መያዣ ከእጁ አይለይም። ጓደኞቹ የኮሶ መድኃኒት ወስዶ እንዲሞክር መክረውታል። በጤና ጣቢያ ሲለካ የደም ስኳሩ 380 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ።

የቀኑ አማካይ መጠን ይኸው ነው ብለን ብንወስድ በቀን ወደ ቱቦዎቹ የሚገባው ግሉኮስ 684 ግራም ይሆናል። ሽንቱ በቀን 5 ሊትር ቢደርስና በእያንዳንዱ ሊትር 30 ግራም ስኳር ቢኖር፣ የጠፋው 150 ግራም ነው። ይህም ኩላሊቱ 534 ግራሙን መመለስ ችሎ ቀሪው አምልጦታል ማለት ነው። አንድ ግራም ግሉኮስ ወደ 4 ኪሎ ካሎሪ ኃይል ስለሚሰጥ ተማሪው በየቀኑ 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል በሽንቱ ያፈስሳል። የቀን ፍላጎቱ 2400 ኪሎ ካሎሪ ነው ቢባል ከአራት እጅ አንዱ እጅ ጠፍቷል።

ይህ ፍሰት ለ42 ቀናት ቢቀጥል 25,200 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ጉድለቱ በሙሉ ከስብ የተሸፈነ ቢሆን ኖሮ የሚቀነሰው ክብደት ከ3.3 ኪሎ ግራም ባልበለጠ ነበር። ተማሪው ግን 8 ኪሎ ግራም ቀንሷል፤ ያውም አብዝቶ እየበላ። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልሱ በአመዛኙ ውኃና ጡንቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ፈጣን ቅነሳ ከሰውነት የወጣው ውኃ ነው። ከዚያ በኋላ ጡንቻው ይፈርሳል፤ ከጡንቻ ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ በመሆኑ አንድ ኪሎ ግራም ጡንቻ ሲፈርስ የሚገኘው ኃይል ከስብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያው የኃይል ጉድለት ከጡንቻ ሲሸፈን ክብደትን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ድካሙና የጭኑ መሳሳት ከዚሁ የመነጨ ነው።

የምልክቶቹ ክብደትና ወሰን

ምልክቶቹ በምርመራ ሕግ ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ምልክት የሌለው ሰው በአንድ የምርመራ ውጤት ብቻ የስኳር ሕመምተኛ ነው አይባልም፤ ውጤቱ በሌላ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። የከፍተኛ ስኳር ምልክቶች በግልጽ የታዩበት ሰው ግን በማንኛውም ሰዓት የተለካው የደም ስኳሩ 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድጋሚ ምርመራ ሳያስፈልግ በሽታው እንዳለበት ይወሰናል። ምክንያቱም የሽንቱ ብዛትና ጥማቱ የኩላሊት ወሰን ለቀናት ወይም ለሳምንታት ሲጣስ እንደቆየ ስለሚመሰክሩ ነው።

በአንጻሩ የምልክቶቹ አለመኖር ሰውየውን ነጻ አያደርገውም። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ126 ሚሊ ግራም ጀምሮ የበሽታው መለያ ሲሆን ኩላሊት የሚያፈስሰው ግን ከ180 አካባቢ ጀምሮ ነው። በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ለዓመታት ሳይጠማና ሳይከሳ ሊኖር ይችላል፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሳይታወቅ የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምልክቶቹ ተነጣጥለው ሲመጡም ትርጉማቸው ይለወጣል። ረሃብና ክሳት ያለ ብዙ ጥማት ሲታዩ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራቱ ሊጠረጠር ይገባል። ጥማትና ብዙ ሽንት ኖሮ ስኳሩ ትክክለኛ ከሆነ ምክንያቱ ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ የሚያዘው ሆርሞን መጓደል ሊሆን ይችላል። ክሳት ከምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሳልና ከሌሊት ላብ ጋር ሲመጣ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ይመረመራል። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ የአንዱ መታወቅ የሌላውን ምርመራ ሊያስቀር አይገባም።

ረሃቡ ሲጠፋ

የዚህ ሰንሰለት አደገኛ ምዕራፍ የሚጀምረው መሻሻል በሚመስል ለውጥ ነው። ኢንሱሊን እጅግ ሲያንስ የሚፈርሰው ስብ በጉበት ውስጥ ወደ ኪቶን ይለወጣል፤ ኪቶኖች ሲከማቹ ደሙ አሲዳማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሲበላ የነበረው ሰው ምግብ ያስጠላዋል፤ ያስታውከዋል፤ ሆዱን ያመዋል። አተነፋፈሱ ጥልቅና ፈጣን ይሆናል፤ ትንፋሹም ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ትውከቱና የሆድ ሕመሙ እንደ ጨጓራ ሕመም ወይም እንደ ምግብ መመረዝ፣ አተነፋፈሱም እንደ ሳንባ ምች ሊታይ ይችላል። ቀደም ሲል ጥማት፣ ብዙ ሽንትና ክሳት እንደነበሩ መጠየቅና የደም ስኳርን መለካት ስሕተቱን ይከላከላል። ይህ ሁኔታ በሰዓታት ውስጥ የሆስፒታል ሕክምና ካላገኘ ሊገድል ይችላል።

የምሳሌው ተማሪ ገና ባያስታውክም የሽንት ምርመራው ኪቶን ካሳየ ቀጠሮ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ የሚመለስ አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። ኢንሱሊን ሲጀምር ምልክቶቹ የሚለቁበት ቅደም ተከተል ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ ያጠናክራል። ስኳሩ ከኩላሊት ወሰን በታች ሲወርድ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንቱ ይቀንሳል፤ ጥማቱም አብሮ ይቆርጣል። ክብደቱም ውኃው ሲተካ በፍጥነት መመለስ ይጀምራል፤ የፈረሰው ጡንቻ ተመልሶ እስኪገነባ ግን ሳምንታትና ወራት ይወስዳል።