«ሐሳቡ የተዛባ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ጠዋት ኬዝ ሲቀርብ ደጋግሞ የሚሰማ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «የሐሳቡ ቅርጽ የተዛባ ነው፣ ዴሉዥን አለው፣ ኢንሳይት የለውም።» ሬዚደንቱ ይህን ብሎ ወደ መድኃኒቱ ያልፋል። ያለው ነገር ውሸት አይደለም። ግን በዎርዱ ከተኙት ታካሚዎች ለብዙዎቹ እንዳለ ሊገለበጥ የሚችል ነው፤ ስለዚህ ስለዚህኛው ታካሚ ምንም አልተናገረም።

ስኪዞፍሬንያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ ራጅ የለም። ሐኪሙ ያለው ማስረጃ ታካሚው የተናገረው፣ ያደረገውና በዐይን የታየው ነው። ይህ በሥርዓት የሚጻፍበት ክፍል የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ይባላል፤ አለባበስን፣ ስሜትን፣ ንግግርን፣ ትውስታንና ሌላውንም ይይዛል። ተለማማጆችን በጣም የሚያስቸግሯቸው ግን ሦስቱ ናቸው፦ የሐሳብ ቅርጽ፣ የሐሳብ ይዘት እና ኢንሳይት፣ ማለትም ሰው ስለ ገዛ ሕመሙ ያለው ግንዛቤ።

ለማስረጃ ያህል ያዘጋጀሁትን አንድ ታሪክ እንመልከት። የ29 ዓመት ወጣት ነው፤ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ታላቅ ወንድሙ መጀመሪያ ጠበል ወስዶት ነበር፣ አሁን ደግሞ ሆስፒታል አምጥቶታል። ሐኪሟ «ወደዚህ ምን አመጣህ?» ስትለው እንዲህ አለ፦ «ወንድሜ ነው ያመጣኝ። ወንድም ደም ነው። ደም ቀይ ነው፣ ቀይ መብራት ላይ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ወፍጮው ማታ ማታ ስሜን ይፈጫል።»

ቅርጽ ማለት ሐሳብ ከሐሳብ የሚያያዝበት መንገድ ነው፤ የሚያምነው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት እዚህ ቦታ የለውም። በዚህ መልስ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ማያያዣዎች ጆሮ ይከተላቸዋል፦ ከወንድም ወደ ደም፣ ከደም ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ መብራት። በ«ስለዚህ» ላይ ስንደርስ ግን ድልድዩ የለም። ቃሉ ምክንያትና ውጤት እንዳለ ያስመስላል፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ግን አይገናኙም። ሬዚደንቶች ሉዝ አሶሴሽን የሚሉት ይህን ነው። ተመሳሳይ መንሸራተት በፍጥነትና ከፍ ባለ ስሜት፣ ማያያዣው ሁሉ እየታየ ቢመጣ ኖሮ ወደ ማኒያ የሚያመለክተው የሐሳብ ሽሚያ ይሆን ነበር። ይህ ሰው ግን የተናገረው በዝግታ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱም መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ለአገራችን ሐኪም ልዩ ወጥመድ አለ። ዙሪያ ጥምጥም መናገር እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው። አንድ አዛውንት «ምን ያምዎታል?» ቢባሉ ከአዝመራው ጀምረው፣ በልጃቸው ሠርግ አልፈው፣ ተረት ጠቅሰው በመጨረሻ ጨጓራቸው ላይ ይደርሳሉ። መድረሳቸው ነው ቁም ነገሩ። ከጥያቄው ወጥቶ ጨርሶ የማይመለስ ሰው ሌላ ነው። ለመለየት የሚበጀው መታገሥ ነው፤ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳያቋርጡ ማስወራት። አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ሐኪም የሐሳብ መዛባትን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ ወጣቱም ዕድሜውንና ሰፈሩን ሲጠየቅ በትክክል መልሷል።

ሌላው ወጥመድ አስተርጓሚ ነው። ታካሚው አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳምኛ ተናግሮ እህቱ ስትተረጉም፣ የተበጣጠሰውን በቅንነት ቀጥላ ታቀርበዋለች። ሐኪሙ የሰማው የእህቲቱን ሐሳብ ቅርጽ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ቅርጹ ደህና ነው» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ «በአስተርጓሚ ስለተነጋገርን ቅርጹን መመዘን አልተቻለም» ማለት ይሻላል።

ወደ ይዘት እንሂድ። ወጣቱ ጎረቤቱ መተት እንዳደረገችበት ያምናል። «ዴሉዥን» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይፈጥናል፤ ግን በመተት ማመን በራሱ ሕመም ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰፈር በሙሉ በተኛ ነበር። መለያው እምነቱ እንዴት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደጠነከረና ከሰውየው ሌላ ማን እንደሚጋራው ነው። «በምን አወቅህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «በሯን ሦስት ጊዜ ስትዘጋ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ በወፍጮው ድምፅ ሐሳቤን ትወስዳለች» አለ። «ምናልባት ተሳስተህ ቢሆንስ?» ሲባል፣ «አልተሳሳትኩም፣ ያለቀ ነገር ነው» አለ። ወንድሙ ለብቻው ተጠይቆ የሰጠው መልስ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፦ «መተት መኖሩን እኛም እናምናለን። ይሄኛው ግን ሌላ ነው።» ያው እምነት ያላቸው የራሱ ሰዎች ከእኛ ወጣ ካሉት፣ ለሐኪሙ ትልቅ ምስክር ነው።

የይዘት ክፍል እምነቱ ምን እያስደረገው እንደሆነም መያዝ አለበት። ወጣቱ የቤት ምግብ መብላት አቁሟል፣ መጥረቢያ ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው፣ ጎረቤቲቱን ሊጎዳ አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ይጠየቃል፤ መልሱ «የለም» ቢሆንም ይጻፋል። ማታ የሚሰማው ድምፅ ግን ይዘት ውስጥ አይገባም፤ የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ ስለሆነ የራሱ ክፍል አለው። ሁለቱን መቀላቀል በኬዝ አቀራረብ ላይ በብዛት የሚታይ ስህተት ነው።

በጣም በግዴለሽነት የሚጻፈው ኢንሳይት ነው። «አለው» ወይም «የለውም» ተብሎ ይዘጋል፤ ሲቸግር «በከፊል»። ብሪታንያዊው የአእምሮ ሐኪም አንቶኒ ዴቪድ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን በሦስት ከፈለው፦ መታመሙን ያውቃል ወይ? ያጋጠመውን እንግዳ ነገር የሕመም ምልክት አድርጎ ያየዋል ወይ? ሕክምናውን ይቀበላል ወይ? ሦስቱ አብረው ላይሄዱ ይችላሉ። የእኛ ወጣት «ጤነኛ አይደለሁም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሥራ አልቻልኩም» ይላል። ድምፁን ግን ጎረቤቲቱ የላከችው እንጂ ሕመም አይደለም። መድኃኒቱን ደግሞ «እንቅልፍ ከሰጠኝ እውጣለሁ» ብሏል። «ኢንሳይት የለውም» ከተባለ ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ በተለይ ሕክምናው የሚጀመርበት በር፣ ማለትም እንቅልፍ፣ ሳይታይ ይቀራል። ጠበል መሄድንም ከኢንሳይት ማጣት የሚቆጥሩ አሉ፤ አልስማማም። ሕመሙን መንፈስ ያመጣው ነው ብሎ የሚያምን፣ ነገር ግን መታመሙን የሚያውቅና ጠበሉንም ክኒኑንም የሚወስድ ሰው ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱን መልሷል።

እንግዲህ የወጣቱ ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«ቅርጽ፦ ንግግሩ ዝግ ያለ። ሰፊ ጥያቄ ሲጠየቅ ከጥቂት ዐረፍተ ነገር በኋላ ሐሳቦቹ አይያያዙም፦ ‹ቀይ መብራት ላይ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ወፍጮው ማታ ማታ ስሜን ይፈጫል።› ለአጭር ጥያቄ ተገቢ መልስ ይሰጣል። ይዘት፦ ጎረቤቱ በወፍጮ ድምፅ ሐሳቡን እንደምትወስድ ያምናል፤ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል አይቀበልም፤ ቤተሰቡ አይጋራውም። የቤት ምግብ ትቷል፣ መጥረቢያ ይዞ ይተኛል። ራሱን ወይም ሌላ ሰው የመጉዳት ሐሳብ የለኝም ብሏል። ኢንሳይት፦ መታመሙን ይቀበላል፤ ድምፁን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ መድኃኒት ለእንቅልፍ ብሎ ይወስዳል።»

የታካሚው ቃል የገባው በተናገረበት ቋንቋ፣ ሳይታረም ነው። ኬዙ በእንግሊዝኛ ቢቀርብም ቃሉ በፊደል ከጎኑ ይቀመጥ፤ ሲተረጎም ሳናውቀው እናስተካክለዋለንና። «ሉዝ አሶሴሽን» የሚለው ስም ከቃሉ በኋላ ቢመጣ አይከፋም፤ ከቃሉ በፊት ወይም በቃሉ ፋንታ ሲመጣ ግን አድማጩ ማመን እንጂ መመዘን አይችልም።

ይህ ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሐኪም ፊት ይቀርብ ይሆናል። የፊተኛው ማስታወሻ «ዴሉዥን አለው» ብቻ ካለ፣ አሁንም «አለው» ተብሎ መድኃኒቱ ይቀየራል ወይም ይጨመራል። ከላይ እንዳለው ከተጻፈ ግን ወጣቱ ስለ ጎረቤቱ ሲጠየቅ «እንጃ፣ ምናልባት» ማለቱ፣ የእናቱንም እንጀራ መብላት መጀመሩ ለውጥ ሆኖ ይታያል፤ መድኃኒቱም ባለበት ይቀጥላል።