ተጨማሪ መረጃ፦ የስድስት ቡድኖች መርሐ ግብር

ስድስት ቡድኖችን እርስ በርስ የሚያጋጥም መርሐ ግብር አውጪ፥ 6ኛውን በስፍራው አጽንቶ ከ1 እስከ 5 ያሉትን እንደ ክበብ ደርድሮ በየሳምንቱ አንድ እርምጃ ቢያዞራቸው፥ በመጀመሪያው ሳምንት 6 ከ1፥ 2 ከ5፥ 3 ከ4፥ በሁለተኛው 6 ከ2፥ 3 ከ1፥ 4 ከ5 እየተገናኙ 15ቱ ግጥሚያዎች በ5 ሳምንት ያለ ድግግሞሽ ይፈጸማሉ።

ይሁን እንጂ ሁሉም በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ፍጹም እያፈራረቀ ሊጫወት አይችልም፤ የመፈራረቁ ሥርዓት በባለሜዳነት የሚጀምረውና በእንግድነት የሚጀምረው ሁለት ብቻ ሲሆን፥ አንዱን ሥርዓት የሚከተሉ ሁለት ቡድኖች ዘወትር አብረው ባለሜዳ ወይም አብረው እንግዳ ስለሚሆኑ ከቶ አይገናኙምና። ስለዚህ ቢያንስ አራቱ ቡድኖች አንድ ጊዜ ሁለት ተከታታይ ጨዋታ በሜዳቸው ወይም በእንግድነት ያደርጋሉ፤ በሁለተኛው ዙር ባለሜዳና እንግዳ ሲለዋወጡ ግን እያንዳንዱ 5 ጊዜ በሜዳው፥ 5 ጊዜ ከሜዳው ውጭ ተጫውቶ ይፈጽማል።