ማሽን የጻፈው ከመታመኑ በፊት

በሬዲዮ ቃለ ምልልስ ላይ ተናጋሪዋ «ሠራተኞቹ ደመወዝ አልተከፈላቸውም» አለች እንበል። ማሽኑ ግን «ሰራተኞቹ ደሞዝ ተከፈላቸው» ብሎ ጻፈ።

በጥሬው ሲቆጠር ሦስቱም ቃላት ስህተት ናቸው። ይህ ቆጠራ ፍትሐዊ አይደለም። «ሠ» እና «ሰ» በድምፅ አንድ ናቸው፤ «ደሞዝ»ም የተለመደ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለቱ ጽሑፎች ወደ አንድ አጻጻፍ ይምጡ። ያኔ ስህተቱ ከሦስት አንድ፣ 33 በመቶ ገደማ ይሆናል።

የቀረው አንዱ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ «አል» እና «ም» ጠፍተው ክሱ ተገልብጧል። «ደመወዝ»ን ብቻ የሚፈልግ ቃል ቆጣሪም ዓረፍተ ነገሩን ያልፈዋል።

አራሚው ከተለያዩ ተናጋሪዎች ጥቂት ደቂቃዎችን መርጦ፣ የማሽኑን ጽሑፍ ሳያይ ከድምፁ ይጻፍና ያነጻጽር። አሉታዊ ግሦችን፣ ስሞችንና ቁጥሮችን ለብቻ ይቁጠር። በእነዚህ የሚሳሳት ጽሑፍ ሳይታረም ከቪዲዮ ሥር መውጣት የለበትም።