ነጋዴውና ደረሳው፦ እስልምና በላስታ ዙሪያ

ከቀይ ባሕር ወደ መሐል አገር ከሚዘልቁት የሲራራ መንገዶች አንዱ ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋና በሰቆጣ አልፎ፣ የላስታን ደጋ ታክኮ ወደ የጁና ወሎ ይወርድ ነበር። እስልምና በዚህ አገር ሥር የሰደደው በዋናነት በዚህና በመሰል መንገዶች በተመላለሱ ሰዎች ነው። የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በ615 ወደ አክሱም መምጣታቸው የታወቀ ቢሆንም፣ ያ የጥገኝነት ታሪክ እንጂ የመስፋፋት ታሪክ አይደለም። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንግዱን በብዛት የያዙት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። በክርስቲያኑ መንግሥት ሙስሊም በአብዛኛው ርስት አይይዝም፤ የደጋው ባላባት ደግሞ ንግድን ይንቃል። ከአፋር በረሃ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ ደቡብ ይጓዛል። ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ሲራራው ይቆማል፤ ነጋዴውም በደረሰበት መንደር ይከርማል። አንዳንዱ እዚያው አግብቶ ይቀራል። ልጁን ቁርአን የሚያስቀራለት፣ ኒካህ የሚያስርለት፣ ሲሞት የሚሰግድበት ሰው ሲፈልግ ሸህ ያስመጣል። ነጋዴው ራሱ ሰባኪ አልነበረም፤ ለሰባኪው ግን ማረፊያ ያዘጋጀው እሱ ነው።

ሸሁ የሚወጣው ከደረሳነት ነው። ደረሳ ከቤቱ ርቆ፣ ከመንደሩ በሚሰጠው ምግብ እየኖረ፣ ፊቅሁን ከአንዱ፣ ነህዉን ከሌላው ሸህ እየቀራ ዓመታት ይዞራል። በየጁ ዳና የዚህ ትምህርት ስመ ጥር ማዕከል ነበር፤ በ1903 ያረፉት ሸህ አህመድ ኢብን አደም ያስተማሩት እዚያ ነው። በወሎ ጀማ ንጉሥ ደግሞ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያረፉት ሰይድ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያን መንገድ አስተማሩ፤ መውሊድንም በድምቀት ማክበር አስጀመሩ። ወደ መውሊዱ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ፊቅህ ሊማር አልነበረም። ዝናብ ዘግይቶበት፣ ልጅ ታሞበት ዱዓ ሊያስደርግ ይመጣል፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ መንዙማው በአማርኛ ሲዜም ያድራል። እንደ ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። እንግዲህ ዐረብኛ የማያውቀው ሰው ሃይማኖቱን በገዛ ቋንቋው ነው ያገኘው።

የለውጡን አዝጋሚነት የሚያሳየው ነገር ሥጋ ነው። በደጋው ልማድ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሰው ለዱዓ ወደ ሸህ ቢሄድ፣ ልጁን በሸህ ቢያስመርቅ፣ ቡና አብሮ ቢጠጣ ማንም ሰለመ አይለውም። የእስላም ሥጋ የበላ ቀን ግን ከማኅበሩ፣ ከተዝካሩ፣ ከዘመዱ ድግስ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ከዚህ መስመር ወዲህ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አባት ሳይሻገር የቀረውን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሻገረዋል። ዛሬም በወሎ ለሁለቱም ወገን እንግዳ የሚደግስ ሰው ሁለት በግ ያሳርዳል።

ይህን ሳያስተውሉ «ወሎን ያሰለመው ግራኝ ነው» ብለው የሚጽፉ አልጠፉም። የቀን ቆጠራው ብቻ እንኳ ይሞግታቸዋል። የኢማም አህመድ ጦር በ1533 ላሊበላ ደርሷል፤ ብዙ ሰውም በፍርሃት ሃይማኖቱን ቀይሯል። ኢማሙ በ1543 ከሞቱ በኋላ ግን አብዛኛው ተመለሰ፤ ተመላሾቹ የሚነጹበት ሥርዓትም በመጽሐፈ ቄደር ይገኛል። እነዳናና ጀማ ንጉሥ የገነኑት ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ኃይል በተቃራኒው አቅጣጫም ሲሞከር ውጤቱ ይኸው ሆነ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሸህ ጠልሃ አሻፈረኝ ብለው ተዋጉ፤ ተራው ሰው በአመዛኙ ቀን ክርስቲያን፣ ሌት እስላም ሆኖ ጊዜውን አሳለፈ።

የላስታ ደጋ ራሱ ግን፣ ሲራራው በጎኑ እያለፈም፣ በአመዛኙ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ለዚህ አንዱ ምክንያት መሬቱ ነው። ገበሬው ርስቱን የሚካፈለው ከዘመዶቹ ጋር ነው፤ ከመሬቱም ብዙው ለላሊበላና ለሌሎች አድባራት አገልግሎት የተሰጠ ነበር። ከዘመድ ድግስ የወጣ ሰው በርስት ክርክር ምስክር አያገኝም። ሸሁ ዱዓ ሊያደርግለት ቢችልም መሬት ሊሰጠው አይችልም። ወደ የጁና ወሎ ግን እስልምናን የያዙ ባላባቶች ስለነበሩ፣ መስለም ገበሬውን ከርስቱ አያፈናቅለውም ነበር። ሙስሊሙ በሕግ ከሌላው ገበሬ እኩል የመሬት ድርሻ ያገኘው በ1975ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው።