የሌሊቱ ቁጥር፦ የሜሞሪ ሊክን በግራፍ መለየት

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2012 በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአማዞን የክላውድ አገልግሎት ተስተጓጎለ፤ ሬዲትን ጨምሮ በእሱ ላይ የሚሠሩ በርካታ ድረ ገጾችም ለሰዓታት ተቋረጡ። ኩባንያው በኋላ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት የነገሩ መነሻ ትንሽ ነበር። ከማከማቻ ሰርቨሮቹ መረጃ የሚሰበስብ አንድ ማሽን ተበላሽቶ በሌላ ተተካ፤ የአዲሱ አድራሻ ግን ለሁሉም ሰርቨሮች አልደረሰም። አድራሻው ባልደረሳቸው ሰርቨሮች ላይ ያለው መረጃ አቀባይ ፕሮግራም የሌለውን ማሽን ደጋግሞ መጥራቱን ቀጠለ፤ እየጠራም ሜሞሪ ቀስ በቀስ ይይዝ ነበር፣ አይለቅም። በመጨረሻ ሰርቨሮቹ ለዋናው ሥራቸው የሚሆን ሜሞሪ አጡ።

የሜሞሪ ክትትል አልጠፋም ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ግን አልሰጠም። የእነዚህ ሰርቨሮች ሥራ በባሕርዩ ሜሞሪን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ስለሆነ፣ የማሽኑን ጠቅላላ ነፃ ሜሞሪ በማየት ብቻ ልክ የሆነ የማንቂያ ጣሪያ ማስቀመጥ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። ኩባንያው ከአደጋው በኋላ ከወሰናቸው እርምጃዎች አንዱ የእያንዳንዱን ፕሮሰስ ሜሞሪ ለየብቻ መከታተል ነው። ሜሞሪ ሊክ የሚያዘውም በዚሁ መንገድ ነው፦ አንድ ፕሮሰስ ለይቶ፣ ለቀናት እየመዘገቡ፣ በግራፍ ማየት።

ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ይበደራል፤ ሲጨርስ መመለስ አለበት። ሊክ ያለበት ፕሮግራም ከእያንዳንዱ ብድር ጥቂት እያስቀረ የሚመልስ ተበዳሪ ነው። የሚያስቀረው በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይታይም፤ ቀን ላይ ደግሞ የተጠቃሚው ብዛት የሚፈጥረው ውጣ ውረድ ይሸፍነዋል። ቀናትን ማስቆጠር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ለመመዝገብ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮሰስ በእርግጥ ራም ውስጥ የያዘው መጠን RSS ይባላል፤ የሚሰጠውም በኪሎባይት ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር 2817 ነው ብንል፣ ይህች ትንሽ ስክሪፕት በየ5 ደቂቃው ሰዓቱንና መጠኑን ወደ ፋይል ትጽፋለች፦

```
while true; do
  echo "$(date +%s) $(ps -o rss= -p 2817)" >> mem.log
  sleep 300
done
```

በ`ps` ውጤት ላይ VSZ የሚባል ሌላ ቁጥርም አለ፤ እሱን ይተዉት። ፕሮግራሙ የያዘውን የአድራሻ ስፋት እንጂ የሚጠቀምበትን ራም ስለማይናገር፣ ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ፋይሉ የጥቂት ቀናት መረጃ ሲያጠራቅም በ`gnuplot` ወደ ሜጋባይት ቀይሮ ማሳል ይቻላል፦

```
set xdata time
set timefmt "%s"
set format x "%d/%m"
plot "mem.log" using 1:($2/1024) with lines
```

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመሥሪያ ቤት አገልግሎት የሚሰጥ የፓይተን ፕሮግራም እሑድ ማታ ሪስታርት ተደርጎ ሥራ ጀመረ እንበል። በግራፉ ላይ በመጀመሪያ ዓይን የሚስበው ቀን ቀን የሚወጣው ጉብታ ነው፤ ተጠቃሚው ሲበዛ ሜሞሪው ከሌሊቱ መጠን በ400 ሜጋባይት ያህል ከፍ ይላል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ጉብታው ስለ ሊክ የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ሥራ በሌለበት ሰዓት የሚቀረው ወለል ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቁጥር ብቻ እናንብብ። ሰኞ 300 ሜጋባይት፣ ማክሰኞ 520፣ ረቡዕ 590፣ ሐሙስ 661፣ ዓርብ 729፣ ቅዳሜ 800፣ እሑድ 812፣ በሚቀጥለው ሰኞ 822።

ከሰኞ እስከ ማክሰኞ የታየው ትልቅ ዝላይ ብቻውን አያሳስብም። አዲስ የተነሣ ፕሮግራም ሞጁሎቹን ይጭናል፣ ከዳታቤዝ ጋር ግንኙነት ይከፍታል፣ ካሹን ይሞላል። ጤነኛ ፕሮግራም ቢሆን ግን ከማክሰኞ በኋላ ወለሉ ይረጋ ነበር። እዚህ በየሥራ ቀኑ 70 ሜጋባይት ገደማ ይጨምራል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጭማሪው ወደ 12 እና 10 ይወርዳል፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ፍንጭ ነው። ሊኩ በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ ነገር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜም እንደ ሐሙስ እኩል ባደገ ነበር። ከተጠቃሚው ጥያቄ ጋር አብሮ ከቀነሰ፣ ያለው ጥያቄዎቹን በሚያስተናግደው ኮድ ውስጥ ነው።

አንድ እርምጃ እንሂድ። የአገልግሎቱ ሎግ በሥራ ቀን 70,000 ጥያቄ፣ በዕረፍት ቀን 10,000 ያህል እንደሚስተናገድ ካሳየ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 1 ኪሎባይት ገደማ ይቀራል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሙሉ ፋይል ወይም ፎቶ መጠን አይደለም፤ የአንድ አነስተኛ መዝገብ ልክ ነው። እንግዲህ የሚፈለገው በየጥያቄው አንድ ነገር የሚጨመርበት፣ ምንም የማይወጣበት ዲክሽነሪ ወይም ሊስት ነው። ፓይተን `tracemalloc` የሚባል መሣሪያ አለው፤ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች የተወሰዱ ምስሎችን አነጻጽሮ የትኛው የኮድ መስመር የያዘው ሜሞሪ እንዳደገ ይጠቁማል። ግራፉ ጥፋተኛውን መስመር አያሳይም፤ ምን ዓይነት ጥፋተኛ እንደሚፈለግ ግን ይናገራል።

የቀረውን ጊዜም ይናገራል። ለፕሮሰሱ የተፈቀደው 2 ጊጋባይት ከሆነ፣ ወለሉ በሳምንት 370 ሜጋባይት ያህል ሲያድግ፣ የቀኑ ጉብታ ጣሪያውን የሚነካው ከሁለተኛው ሰኞ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ገደማ ነው። የሚነካውም ሌሊት ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ያኔ ከርነሉ ፕሮሰሱን ይገድለዋል፤ ምልክቱም `dmesg` ውስጥ `out of memory` የሚል ሐረግ ባለበት መስመር ይገኛል።

ግራፉ የሚያሳስትባቸው ጊዜያትም አሉ። አንዱ የተለቀቀ ሜሞሪ ነው። የሲ ላይብረሪው ፕሮግራሙ የለቀቀውን ሁልጊዜ ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይመልስም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ከባድ ሪፖርት ከተሠራ በኋላ ወለሉ ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። መለያው መደጋገሙ ነው፤ ያው ሪፖርት በማግስቱ ሲሠራ ወለሉ ካልጨመረ ሊክ አይደለም። ሌላው በተቃራኒው ሊክን የሚደብቅ ነው። ራም ሲጠብ ከርነሉ ብዙም የማይነካውን ሜሞሪ ወደ ስዋፕ ያወጣል፤ የሊክ ትራፊ ደግሞ ማንም ስለማይነካው ቀድሞ ይወጣል። RSS ሲወርድ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ስዋፕ ባለበት ማሽን ላይ `/proc/2817/status` ውስጥ ያሉትን `VmRSS` እና `VmSwap` ደምሮ መመዝገብ ይሻላል።

በየሌሊቱ ሪስታርት ማድረግ ማሽኑን ከመውደቅ ያድናል፤ ግን ወለሉን በየቀኑ ወደ መጀመሪያው ስለሚመልሰው ማስረጃውንም ያጠፋል። ሊክ የጠረጠሩ ሰው ፕሮሰሱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ሳምንት፣ የሥራና የዕረፍት ቀናትን አካቶ፣ ሳይነኩ ይተዉት። ኮዱ ከታረመ በኋላም ለዚያው ያህል ጊዜ እንደገና ይመዝግቡ። የማክሰኞና የቀጣዩ ሰኞ የሌሊት ቁጥሮች ከተቀራረቡ ጥገናው ተሳክቷል፤ ካልተቀራረቡ ያልተገኘ ሌላ ሊክ አለ።